ሃያ አምስተኛ የወጣው ልጥፍ፦ ስለ ወርኃዊ ሪፖርት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የወሩን ልጥፎች ለመገምገም ስብሰባ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው። በወሩ መጨረሻ ቁጥሩን አውርዶ ከብዙ ወደ ጥቂት መደርደር ይበቃል፤ ቁጥር አያዳላም። ብዛት ያሳስታል የሚል ካለ በመቶኛ ይደርድር፣ ነገሩ ያልቃል። ምክንያቱንም ፕሮግራሙ ከላይ ያሉትን አምስት ከታች ካሉት አምስት ጋር አነጻጽሮ ራሱ ይጽፈዋል፤ ሰው ሲገባበት የሚጨምረው ግምት ብቻ ነው። ከታች የቀሩትን ዓይነቶች በሚቀጥለው ወር አለመድገም ነው።»

እኔም ሪፖርቱ በፕሮግራም መዘጋጀቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ለገሃር አካባቢ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ቢሮ ውስጥ የሱቆችንና የድርጅቶችን ገጾች ስናስተዳድር የየወሩን ልጥፍ በእጅ መቁጠር ካቆምን ቆይተናል። የምለያየው ጸሐፊው በቀላሉ ባለፏቸው አራት ቦታዎች ላይ ነው። ለማስረጃነት የማቀርበው ደግሞ እኛ ራሳችን የተሳሳትንበትን የየካቲት 2017 ዓ.ም. ሪፖርት ነው። ደንበኛችን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ለገሃር የተዛወረ ኬክ ቤት ሲሆን፣ በዚያ ወር በፌስቡክ ገጹ ላይ 26 ልጥፎች ወጥተው ነበር።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። ሪፖርቱን ሰኞ መጋቢት 1 ጠዋት ማስረከብ ስለነበረብን ቁጥሩን ያወረድነው እሑድ የካቲት 30 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። በአንደኛነት የወጣው የካቲት 3 የተለጠፈው የአዲሱ አድራሻ ማስታወቂያ ሲሆን ያየው ሰው 18,400 ነበር። በ25ኛነት የተቀመጠው ደግሞ የኬክ ቤቱን ሴት ሠራተኞች የሚያሳይ፣ ለማርች 8 የተዘጋጀ አጭር ቪዲዮ ነበር፤ ያየው ሰው 560 ብቻ ነው። ፕሮግራሙም ይህን ቪዲዮ «ከወሩ ደካማ ልጥፎች አንዱ» ብሎ በቀይ ቀለም አሰመረበት። ቪዲዮው ግን የተለጠፈው ቅዳሜ የካቲት 29 ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበርና ቁጥሩ ሲወርድ ዕድሜው 13 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚተኛበት ሌሊት ነው። የአድራሻው ማስታወቂያ በአንጻሩ ወደ አራት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ሲጠራቀምለት ቆይቷል። ቁጥሩ በእርግጥ አላዳላም፤ ያዳላነው የአራት ሳምንቱንና የአንድ ሌሊቱን በአንድ ሚዛን ያስቀመጥነው እኛ ነን።

መፍትሔው ሁሉንም ልጥፍ በእኩል ዕድሜ መለካት ነው። በዚህ ገጽ ላይ አንድ ልጥፍ ከሚያገኘው ተመልካች አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እንደሚመጣ ከቆዩ ልጥፎች ስላየን መለኪያችንን 72 ሰዓት አደረግነው። ሌላ ገጽ ሌላ ልክ ሊኖረው ስለሚችል ይህን ቁጥር እንዳለ መቅዳት አይገባም፤ የራስን ገጽ ጥቂት ልጥፎች ለሁለት ሳምንት በየቀኑ መዝግቦ ዕድገቱ የት ላይ እንደሚቀዘቅዝ ማየት ይሻላል። ችግሩ ከገጹ የሚወርደው ፋይል የሚሰጠው እስከዚያች ደቂቃ የተጠራቀመውን ድምር እንጂ ልጥፉ በሦስተኛ ቀኑ የነበረውን ቁጥር አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በየስድስት ሰዓቱ እየገባ የእያንዳንዱን ልጥፍ ቁጥር ከነሰዓቱ በሠንጠረዥ ላይ ማስፈር አለበት። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚመዘግብ ከሆነ «72 ሰዓት» የሚለው ልክ እስከ አንድ ቀን ድረስ ሊዛነፍ ይችላል። በዚህ አሠራር የወሩ ሪፖርት እስከ መጋቢት 3 ማታ መጠበቅ ግድ ይለዋል፤ ደንበኛው ካልታገሠ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ልጥፎች «ገና አልተመዘኑም» ተብለው ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራሉ። ያ ቪዲዮ በ72ኛ ሰዓቱ 4,800 ሰው አይቶት ነበር፤ በእኩል ዕድሜ ሲደረደርም ከ26ቱ አራተኛ ወጣ።

በዚሁ ነጥብ ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ግን አጭር ነው። በሁለተኛነት የወጣው የየካቲት 8 ልጥፍ ካገኘው 15,200 ተመልካች 13,900ው ለቡስት በተከፈለ ገንዘብ የመጣ ነበር። የተከፈለበትና ያልተከፈለበት በአንድ ዝርዝር ከተደረደሩ ደረጃው የሚያሳየው የልጥፉን ጥራት ሳይሆን የባለቤቱን ኪስ ነው። ሁለት ዝርዝር ማድረግ በቂ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የመቶኛ ጉዳይ ነው። መቶኛ አንዱን ስሕተት ያነሣና ሁለት ሌሎች ያመጣል። የመጀመሪያው የትንሽ ቁጥር ስሕተት ነው። የካቲት 14 የአንዲት ሠራተኛ ልደት ፎቶ ተለጥፎ 310 ሰው አየው፤ 31 ሰው ላይክ ወይም አስተያየት አደረገበት። ይህ ከመቶ 10 ስለሆነ ፎቶው በመቶኛ ሲደረደር የወሩ አንደኛ ሆነ። ስሞቹን አንድ በአንድ ስንመለከት አብዛኞቹ የኬክ ቤቱ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ይህን ለማረም የቆየና ቀላል ዘዴ አለ፤ ለእያንዳንዱ ልጥፍ የገጹን አማካይ የሚከተሉ አንድ ሺህ ምናባዊ ተመልካቾች መጨመር ነው። የገጹ አማካይ ከመቶ 4 ከሆነና ያየው ሰው በ`B`፣ ምላሽ የሰጠው በ`C` ዓምድ ካለ ቀመሩ የሚከተለው ነው።

```
=(C2+1000*0.04)/(B2+1000)
```

የልደቱ ፎቶ በዚህ ቀመር ከመቶ 10 ወደ 5.4 ይወርዳል። 4,800 ሰው አይቶት 336 ምላሽ ያገኘው የሴቶቹ ቪዲዮ ደግሞ ከመቶ 7 ወደ 6.5 ብቻ ዝቅ ይልና ከፎቶው በላይ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ያየውን ልጥፍ ቀመሩ ብዙም አይነካውም፤ ጥቂት ሰው ያየውን ግን ወደ አማካዩ ይስበዋል። ልንል የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፦ በ310 ሰው ላይ ተመሥርተን ብዙ ማለት አንችልም።

ሁለተኛው ስሕተት በቀመር አይታረምም። አንድ ልጥፍ ከገጹ ተከታዮች አልፎ ወደማያውቁት ሰዎች በሄደ ቁጥር መቶኛው ይወርዳል፤ የማያውቀን ሰው አይቶ ያልፋልና። የአድራሻው ማስታወቂያ ከ18,400 ተመልካች ያገኘው ምላሽ 412 ስለነበር ከመቶ 2.2 ብቻ ሆኖ በመቶኛ ዝርዝሩ ከታችኞቹ መካከል ወደቀ። ኬክ ቤቱ በዚያ ወር ካወጣቸው ልጥፎች ሁሉ ደንበኛን በር ድረስ ያመጣው ግን እሱ ነበር። ስለዚህ በመቶኛ ደርድሮ ነገሩን መጨረስ አይቻልም፤ ከመደርደር በፊት ልጥፉ የወጣው ለምን ዓላማ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ማስታወቂያ የሚለካው ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ ነው፤ የኬክ ፎቶ በሚያመጣው የትእዛዝ መልእክት፣ እንደ ልደቱ ፎቶ ያለው ደግሞ ምናልባት በምንም መለካት የለበትም። እኛ ልጥፉ ሲወጣ ዓላማውን በአንድ ቃል የምንጽፍበት ዓምድ ጨምረናል፤ ፕሮግራሙም እያንዳንዱን ከዓላማ አቻዎቹ ጋር ብቻ ይደረድራል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ፤ ይህን ምላሽ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። የእኛ የመጀመሪያ ፕሮግራም ጸሐፊው በሚመክሩት መንገድ የተሠራ ነበር። የእያንዳንዱን ልጥፍ አሥር ያህል ጠባያት ይመዘግባል፦ የጽሑፉ ርዝመት፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ሰው በፎቶው ላይ መኖር አለመኖሩ፣ ዋጋ መጠቀሱ፣ ጥያቄ መያዙና የመሳሰሉት። ከዚያም በላይኛዎቹ አምስት ላይ በዝቶ በታችኞቹ ላይ ያነሰውን ጠባይ ይፈልግና «ምክንያቱ ይህ ነው» ብሎ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። በዚህ አሠራር ምክንያት የማይገኝበት ወር የለም ማለት ይቻላል። አንድ ጠባይ ከ26ቱ ልጥፎች በ13ቱ ላይ ይገኛል፣ ከተመልካች ብዛት ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም እንበል። ያም ሆኖ በአጋጣሚ ብቻ ከላይኛዎቹ አምስት በአራቱ ወይም በአምስቱ ላይ የመገኘት ዕድሉ ከመቶ 16 ነው። እንዲህ ያሉ እርስ በርስ የማይገናኙ አሥር ጠባያት ካሉ ቢያንስ አንዱ እንዲህ ሆኖ የመታየት ዕድሉ ከመቶ 80 ያልፋል። ጠባያቱን ሃያ ብናደርጋቸው ሪፖርቱ የበለጠ የተማረ ይመስላል እንጂ የበለጠ እውነት አይሆንም።

በየካቲቱ ሪፖርት ላይ ይህ እንዴት እንደታየ ላሳይ። ለአድራሻው ማስታወቂያ የተሰጠው ምክንያት «ጽሑፉ አጭር ነው፤ ካርታም ይዟል» የሚል ነበር። ከሥሩም ለሚቀጥለው ወር ካርታ በብዛት እንድንጠቀም ምክር ተጽፎበታል፤ በኬክ ፎቶ ላይ ካርታ ምን እንደሚሠራ ፕሮግራሙ አልነገረንም። እውነተኛው ምክንያት አስተያየቶቹ ውስጥ በግልጽ ተቀምጦ ነበር። ፒያሳ ሄደው ሱቁን ያጡ ደንበኞች «የት ገባችሁ?» እያሉ ሲጠይቁ ሰንብተው፣ አድራሻው ሲወጣ ለዘመድ ለጓደኛ ሼር አደረጉት። ይህ አንድ ጊዜ የሚሆን ክስተት ነው፤ በሚቀጥለው ወር የሚደገም ነገር የለውም። ሪፖርቱም መጻፍ የነበረበት ይህንኑ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ የሠራነው ስሕተት ከዚህም ይብሳል። ፕሮግራሙ ከላይኛዎቹ አምስት ሦስቱ «17 ሰዓት ላይ የወጡ ናቸው» አለ። ከባልደረቦቼ አንዱ 17 ሰዓትን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ብሎ ተረጎመውና ለሁለት ሳምንት ያህል ልጥፎቹን ሰው በታክሲ ሰልፍ ላይ በሚቆምበት በ11 ሰዓት ማውጣት ጀመርን። ከገጹ የመጣው መዝገብ ግን የሚከተለውን ይመስል ነበር።

```
2025-02-10T17:04:00+0000
```

መጨረሻ ላይ ያለው `+0000` ሰዓቱ የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት መሆኑን ያመለክታል። አዲስ አበባ ከዚያ በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም 17:04 ማለት 20:04፣ በእኛም አነጋገር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው። የሰዓቱ ግምት ራሱ ትክክል ይሁን አይሁን ገና አልተፈተነም ነበር፤ እኛ ግን ፈጽሞ ባልተለካ ሰዓት ላይ ሥራ ቀየርን። ስሕተቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ልጥፍ በገጹ ላይ ከፍቶ የሚታየውን ሰዓት ከሠንጠረዡ ጋር ማስተያየት ብቻ ነበር። የወር አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። ደንበኛው «የካቲት» ሲል ፕሮግራሙ «ፌብሩዋሪ» ብሎ ከወሰደ የ2017 የካቲት የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ቀናት ይቀራሉ፤ በእነሱ ፋንታ ሰባት የጥር ቀናት ይገባሉ።

ከሁሉም የበለጠ ያስተማረን ግን የየካቲት 19 ልጥፍ ነው። ነጭ ክሬም የተቀባ ኬክ ፎቶ ሲሆን 640 ሰው ብቻ አይቶት 24ኛ ወጣ። ፕሮግራሙ የጻፈው ምክንያት «ጽሑፉ ረዝሟል» የሚል ነበር። የኬክ ቤቱ ባለቤት ይህን ሲያነቡ «ልጄ፣ ረቡዕ ነው፣ ያውም ሁዳዴ ገብቶ፤ ማን ክሬም ያያል?» አሉኝ። ዐቢይ ጾም በዚያ ዓመት የገባው የካቲት 17 ነበር። ጸሐፊው ሰው ሲገባበት ግምት ብቻ ይጨምራል ያሉት እንዲህ ያለውን ከሆነ፣ እውነታቸው ነው፤ ይህም ግምት ነው። ግን የሚፈተን ግምት ነው፤ የፕሮግራሙም እንዲሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ፈተንናቸው።

የርዝመቱን ግምት ለመፈተን ከ80 ቃል በላይ የሆኑትን ስድስት ልጥፎች ለብቻ አወጣናቸው። በተመልካች ብዛት ተደርድረው መሐል ላይ የሚገኘው ቁጥር፣ ሚዲያን የሚባለው፣ 2,300 ሲሆን የሁሉም ልጥፎች 2,200 ነበር። ረጃጅሞቹ ከሌሎቹ አያንሱም፤ ግምቱ ወደቀ። ለጾሙ ግምት ደግሞ ከየካቲት 17 በፊት የወጡ ዘጠኝ የክሬም ኬክ ልጥፎችን ከዚያ በኋላ ከወጡ አምስት ጋር አስተያየናቸው። የቀድሞዎቹ ሚዲያን 2,900፣ የኋለኞቹ 1,100 ነበር። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ከየካቲት 17 ወዲህ ኔትወርኩ ተዳክሞ ወይም ፌስቡክ ራሱ የገጹን ተመልካች ቀንሶ ሊሆን ይችላልና። ይህን የለዩልን በጾሙ ውስጥ የወጡ ሦስት የጾም ኬክ ልጥፎች ናቸው፤ የእነሱ ሚዲያን 3,100 ነበር። ገጹ በሙሉ ተዳክሞ ቢሆን ኖሮ እነሱም አብረው በወረዱ ነበር። ሦስት ልጥፍ ጥቂት መሆኑን አልክድም፤ በሪፖርቱም ላይ «ከሦስት ልጥፍ ብቻ» ብለን ጽፈናል።

የኬክ ቤቱ ባለቤት ሁልጊዜ ትክክል ናቸው ማለቴም አይደለም። በዚያው ስብሰባ ላይ «ሰኞ ቀን አይቀናንም» ብለው ነበር። የሰኞዎቹ አራት ልጥፎች ሚዲያን 2,400 ነበር፤ የወሩ አንደኛ የሆነው የአድራሻ ማስታወቂያም የወጣው ሰኞ ዕለት ነበር። ከሰውም ይምጣ ከፕሮግራም፣ ምክንያት ወደ ሪፖርቱ የሚገባበት በር አንድ ነው፦ ያንኑ ጠባይ የያዙት ሌሎች ልጥፎችስ እንዴት ሆኑ? ይህን ጥያቄ ፕሮግራም ከሰው ፈጥኖ ይመልሳል። የማያውቀው የጾሙን ቀን ነው፤ ስለዚህ የአጽዋማትና የበዓላት፣ የረመዳንም ጭምር፣ የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥ፣ የዋጋ ለውጥ የሚመዘገብበት አንድ የቀን መቁጠሪያ ዓምድ ከፈትንለት። አሁን ምክንያት ሲጽፍ ሦስት ነገር አብሮ ያቀርባል፦ ግምቱን፣ ግምቱ የተፈተነባቸውን ልጥፎች ብዛትና ውጤት፣ በዚያ ቀን በመቁጠሪያው ላይ የተመዘገበ ሌላ ነገር ካለ እሱን። ፈተናውን ያለፈ ግምት ካላገኘ «የሚታይ ምክንያት የለም» ብሎ ይጽፋል። ደንበኞች መጀመሪያ ይህን ዓረፍተ ነገር አልወደዱትም፤ ገንዘብ ከፍለው «አላውቅም» የሚል ሪፖርት ማን ይወዳል?

አራተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። ሃያ ስድስት ልጥፍ በተደረደረ ቁጥር ከታች አምስት መኖራቸው አይቀርም፤ ወሩ ሁሉ የተዋጣለት ቢሆን እንኳ። እኛ «ደካማ» የሚለውን ቃል የምንጠቀመው ልጥፉ በ72 ሰዓት ያገኘው ተመልካች፣ ዓላማቸው ተመሳሳይ ከሆኑ የቀደሙት ሦስት ወራት ልጥፎች ሚዲያን ግማሽ በታች ሲሆን ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ በየካቲት ደካማ የተባሉት አምስት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በጾሙ ውስጥ የወጡ የክሬም ኬኮች ነበሩ። በጸሐፊው ምክር መሠረት ይህን ዓይነት ልጥፍ መድገም አልነበረብንም። እኛ ግን የጾሙ ግምት እውነት ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ቁጥሩ መመለስ እንዳለበት፣ ካልተመለሰም ግምታችን እንደወደቀ በሪፖርቱ ላይ አስቀድመን ጻፍን። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ከዚያ እስከ ወሩ መጨረሻ አራት የክሬም ኬክ ልጥፎች ወጡ፤ በ72 ሰዓት ሦስቱ ከ2,500 በላይ ተመልካች ሲያገኙ አንዱ 900 ላይ ቀረ። ከዚያ ልጥፍ አጠገብ ፕሮግራሙ የጻፈው «የሚታይ ምክንያት የለም» የሚል ነው፤ እኛም እስካሁን አላገኘንለትም።